የሐዋላ ገንዘብ በስም ፊደል ምክንያት ሲታገድ
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ኮሚቴው ዛሬ እንድናገር የጠየቀኝ ስለ ምንዛሪ ዋጋ ወይም ስለ ባንክ ብድር አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽነቷ ግን ለደረሰባት ሰው አይታይም። ከውጭ አገር ልጅ ገንዘብ ይልካል። ቁጥሩ በስልክ ይመጣል። እናት መታወቂያቸውን ይዘው ባንክ ይሄዳሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን «እማማ፣ ስምዎ አልገጠመም፤ መክፈል አንችልም» ይባላሉ። ገንዘቡ አለ፣ ሰውየዋም አሉ፣ ነገር ግን አይገናኙም። በዚህ ሰፈር የቤት ኪራይና የሐኪም ቤት ወጪ በሐዋላ የሚሸፈንበት ቤት ጥቂት ስላልሆነ፣ ነገሩ ከሥሩ ቢገለጽ ይጠቅማል ተባለ። እኔም በባንክ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ ሐዋላ ስከፍል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ።

ከፋዩ ሠራተኛ ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያስገባ በመስተዋቱ ላይ አንድ ገጽ ይወጣለታል። ቁጥሩ እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ለምሳሌ የዌስተርን ዩኒየን 10 አኃዝ፣ የመኒግራም 8 አኃዝ ነው። በገጹ ላይ የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የገንዘቡ መጠንና ገንዘቡ የተላከበት አገር ይታያል። ስሙ የተጻፈው በአማርኛ አይደለም፣ በላቲን ፊደል ነው። የሠራተኛው ሥራ ይህን ስም በመታወቂያችሁ ላይ በላቲን ከተጻፈው ስም ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው። ፎቶግራፋችሁን አይቶ እናንተ መሆናችሁን ሊያምን ይችላል። ጎረቤቱ ሆናችሁ በስም የሚጠራችሁም ሊሆን ይችላል። ሆኖም በገጹ ላይ ያለውን ስም እሱ ማረም አይችልም። ስሙን የጻፈው ላኪው ነውና፣ ማረምም የሚፈቀደው ለላኪው ብቻ ነው።

ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይገባል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል፤ ከዚያም ወረዳ ሄዶ «እኔ እኔ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል፣ ሁለት ምስክር ይዞ ይመለሳል። ደብዳቤው እውነት ነው፣ ምስክሮቹም አልዋሹም፤ ነገር ግን ደብዳቤው በመስተዋቱ ላይ ያለውን ፊደል አይለውጥም። ሠራተኛውም ክፉ ሆኖ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 780 ባንኮች ደንበኛቸውን በትክክል እንዲለዩ ያስገድዳል። ስም ሳይገጥም ከፍሎ በኋላ ሌላ ሰው «የእኔን ገንዘብ ማን ወሰደው?» ብሎ ቢመጣ፣ የሚጠየቀው ያ ሠራተኛ ነው።

ታዲያ ስማችን ስለ ምን ይህን ያህል ይለያያል? ሦስት ምክንያት አለው።

አንደኛው የፊደል ነገር ነው። በአማርኛ «ብርሃን» ብለን ስንጽፍ አንድ ነው። በላቲን ግን Birhan፣ Berhan፣ Brhan ተብሎ ይጻፋል፤ ሳድሱን ፊደል አንዱ በአናባቢ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይዘለዋል። «ቀ» በ K ወይም በ Q ይጻፋል። «ጸ»ን አንዱ Ts ሲለው ሌላው S ይለዋል። በዓረብ አገር ገንዘብ የሚቀበለው ሠራተኛ ቋንቋችንን ስለማያውቅ በጆሮው የሰማውን ይጽፋል። በዓረብኛ የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለ፣ «ጴጥሮስ» Petros መሆኑ ቀርቶ Betros ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም የሰማውን ጻፈ፣ ማንም አላጠፋም፤ ሆኖም ወረቀቱና መታወቂያው ተለያዩ።

ሁለተኛው የስማችን አሠራር ነው። እኛ የራሳችንን ስም፣ የአባታችንን ስም፣ የአያታችንን ስም በተከታታይ እንጠራለን እንጂ የፈረንጅ ዓይነት የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭው ቅጽ ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ላኪው በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ አንድ ጊዜ የአባትን፣ ሌላ ጊዜ የአያትን ይጽፋል። በሠላምታ የተጣመሩ ይመስል ሁለት ቃል የሆኑ ስሞች ደግሞ የባሰ ችግር ያመጣሉ። ኃይለማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ፣ ገብረሥላሴ፣ ተክለሃይማኖት የመሳሰሉት አንድ ስም ሲሆኑ ለሁለት ተቆርጠው ግማሹ በአንዱ ሳጥን፣ ግማሹ በሌላው ሳጥን ይገባሉ።

ሦስተኛው የቤት ስም ነው። ልጆች እናታቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው «እታለም» ወይም «እማዋይሽ» ሲሉ ያደጉ እንደሆነ፣ በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ሌላ መሆኑን ጭራሽ ላያስቡት ይችላሉ። አንዳንዱም የክርስትና ስም ይጽፋል። በፊደል መሳሳትና በስም መለወጥ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ፊደል የጎደለበትን ስም አንዳንዱ ኩባንያ በደንቡ መሠረት ሊያልፈው ይችላል፤ የቤት ስምን ግን ማንም አያልፍም። በገጹ ላይ ያለችው ሴት በሕግ ፊት ሌላ ሴት ናትና።

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። ስሙ ለምሳሌ እንዲሆን እኔ ያወጣሁት ነው፤ የማንም ጎረቤታችን ታሪክ አይደለም። ነገሩ ግን በመስኮቱ ዘወትር የሚታይ ነው።

ወይዘሮ ፀሐይ ኃይለማርያም ወልደጊዮርጊስ የሚባሉ እናት አሉ እንበል። ልጃቸው ጅዳ ትሠራለች። እናቲቱ ሐኪም ቤት ማስያዣ ስለተጠየቁ 1,500 ሪያል ላከችላቸው። በመላኪያው ቤት ያለው ሠራተኛ የእናትሽን ስም ንገሪኝ አላት፤ ነገረችው፤ እሱም በጆሮው የሰማውን ጻፈ። በእናቲቱ መታወቂያ ላይ ያለውና ባንኩ በመስተዋቱ ላይ ያየው ስም እንዲህ ነበር፦

በመታወቂያው፦ TSEHAY HAILEMARIAM WOLDEGIORGIS
በመስተዋቱ፦ SEHAI HAILE MARIAM

ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። በዓይን ግን ሁለት ልዩነት አለ። የራስ ስም ከፊቱ T የለውም፣ መጨረሻውም በ Y ፈንታ I ሆኗል። ከዚህ የከፋው ሁለተኛው ነው፤ «ኃይለማርያም» ለሁለት ስለተቆረጠ፣ በመስተዋቱ ላይ የመጨረሻው ስም MARIAM ሆኖ ወጥቷል። በመታወቂያው ላይ ግን MARIAM የሚባል ለብቻው የቆመ ስም የለም። ሠራተኛው መክፈል አልቻለም።

እዚህ ላይ ወይዘሮዋ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ከመስኮቱ ሳይነሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ልጄ፣ የማይገጥመው የትኛው ነው? የራሴ ስም ነው፣ የአባቴ ነው፣ ወይስ ሁለቱም?» ይህ ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። «ስም አይገጥምም» ብቻ ሰምተው ቢሄዱ፣ ልጃቸው T ን ብቻ ታስጨምርና የተቆረጠውን የአባት ስም እንዳለ ትተወዋለች። እናቲቱም በማግሥቱ መጥተው ሁለተኛ ጊዜ ይመለሳሉ። ሁለቱም ስሕተት በአንድ ጊዜ መታረም አለበት። ሠራተኛው ደንበኛው ያልያዘውን መረጃ ሁሉ ላይናገር ይችላል፤ የትኛው ክፍል እንዳልገጠመ ግን ብዙውን ጊዜ ይናገራል።

ቀጥሎ ስልክ ይደወላል። ስም በስልክ መናገር ግን እንደገና ያንኑ ስሕተት መጋበዝ ነው። ስለዚህ የመታወቂያው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለልጂቱ ይላክላት፤ ራሳቸው ባይችሉ የልጅ ልጅ ወይም የታመነ ጎረቤት ያነሣላቸዋል። እግረ መንገዱንም ልጂቱ በደረሰኟ ላይ የራሷ ስም እንዴት እንደተጻፈ ትናገር። ባንኩ «ማነው የላከልዎ?» ብሎ ይጠይቃልና። በፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ቤት ከሚጠሯት የተለየ ከሆነ፣ እናቲቱ የፓስፖርቱን ስም ነው መናገር ያለባቸው።

ልጂቱ ደግሞ ደረሰኟንና የራሷን መታወቂያ ይዛ ወደላከችበት ቤት ትመለሳለች፤ በስልክ መተግበሪያ የላከች እንደሆነ በዚያው በመተግበሪያው ወይም ወደ ኩባንያው የደንበኞች ስልክ በመደወል ትጠይቃለች። የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «የተቀባዩ ስም ይታረምልኝ»። «መልሱልኝ» ወይም «እንደገና ልላክ» አትበል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉ፣ ስም ሲታረም ገንዘቡ እዚያው ነው፣ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ አይለወጥም። ተሰርዞ እንደገና ሲላክ ግን አዲስ ቁጥር ይሰጣል፣ የመላኪያ ክፍያም እንደገና ሊጠየቅ ይችላል፣ ምንዛሪውም የዚያን ቀኑ ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ የዛሬውና የሳምንቱ ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። እርማት የሚቻለው ግን በፊደልና በስም አጻጻፍ ላይ ነው። የቤት ስም የተጻፈ እንደሆነ ኩባንያው ተቀባዩን እንደመለወጥ ስለሚቆጥረው «ሰርዘሽ እንደገና ላኪ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ምርጫ የለም።

ስሙ እንዴት ተጽፎ ይታረም? ቅጹ ሦስት ሳጥን ካለው TSEHAY በአንደኛው፣ HAILEMARIAM በመካከለኛው፣ WOLDEGIORGIS በመጨረሻው ይግባ። ሁለት ሳጥን ብቻ ካለው TSEHAY በአንደኛው፣ HAILEMARIAM WOLDEGIORGIS ባንድ ላይ በሁለተኛው ይጻፍ። መታወቂያው ላይ ባንድ የተጻፈ አይቆረጥ፣ ተነጣጥሎ የተጻፈም አይጣመር። የትኛው አጻጻፍ «ትክክል» ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ለዚህ ጉዳይ ትክክሉ መታወቂያው ላይ ያለው ነው፣ በቃ። «ወይዘሮ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» የሚሉትም በቅጹ ላይ አይገቡም።

እርማቱ ሲጠናቀቅ ልጂቱ አዲሱን ደረሰኝ ፎቶግራፍ አንሥታ ትላክ። እናቲቱ ወደ ባንክ ከመነሣታቸው በፊት ደረሰኙና መታወቂያው ጎን ለጎን ተይዘው ፊደል በፊደል ይታዩ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የታክሲ ገንዘብና የግማሽ ቀን ተራ ግን ያድናል። በዚህ መካከል ገንዘቡ የጠፋ መስሏችሁ አትደንግጡ። ካልተከፈለ በላኪው ስም እንደተያዘ ይቆያል፤ ላኪውም መልሶ ሊወስደው ይችላል።

አሁን ደግሞ ከእርማቱ ይልቅ የሚሻለውን፣ ማለት አስቀድሞ መከላከሉን ልናገር። ብዙዎቻችን ከአንድ በላይ መታወቂያ አለን። የነዋሪነት መታወቂያ አለ፤ አሁንም ብዙዎቻችን የቀበሌ መታወቂያ የምንለው ነው። አንዳንዱ ፓስፖርት አለው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳም አለ። እነዚህ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ጸሐፊ የተጻፉ ናቸው። በቀበሌው ላይ Tsehay የተባለች ሴት በፋይዳ ላይ Tsehaye ሆና ልትገኝ ትችላለች። ዓመታት ሙሉ በአሮጌው መታወቂያ ያለ ችግር ሲቀበሉ ኖረው፣ ፋይዳ ይዘው በሄዱበት ቀን የታገደባቸው የዚህ ነው ምክንያቱ። ልጂቱ የለመደችውን ጻፈች፣ መታወቂያው ግን ተለወጠ።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ መታወቂያዎቻችሁን ባንድ ላይ ዘርግታችሁ የላቲኑን መስመር አስተያዩ። አንዱ ከሌላው የሚለይ ከሆነ፣ ሐዋላ የምትቀበሉበትን አንዱን ምረጡና ለልጆቻችሁ «ከእንግዲህ በዚህ ነው የምትልኩልኝ» ብላችሁ ፎቶግራፉን ላኩላቸው። የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈበት ይሁን፤ ስም ቢገጥምም ጊዜው ባለፈበት መታወቂያ አይከፈልም። ስሙ በመታወቂያው ላይ ራሱ ተሳስቶ የተጻፈ ከሆነ፣ ገንዘብ ሳይመጣና ሳይቸገሩ ወደሰጠው ክፍል ሄዶ ማሳረም ነው። ይህ ግን የአጻጻፍ ስሕተትን ለማረም እንጂ ስምን ለመለወጥ አይደለም፤ ስም መለወጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

የልደት ቀን የሚጠይቅ ቅጽ ከሆነ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን ልብ በሉ። በኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1961 ነው የተወለደው። አንዱ ወረቀት 1954፣ ሌላው 1961 ቢል ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። ከመታወቂያው ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ ሦስት ነገር እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ስሙ በአጋጣሚ የሚገጥም ሰው ፈልጋችሁ በሱ መታወቂያ ለማውጣት አትሞክሩ። ገንዘቡ የእናንተ ቢሆንም በሌላ ሰው ማንነት መቀበል ወንጀል ነው፤ መታወቂያውን ያዋሰውም አብሮ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ በመታወቂያው ላይ ፊደል አትጨምሩ፣ አትፋቁ። የተፋቀ መታወቂያ ለሐዋላው ቀርቶ ለሌላ ጉዳይም አይሆንም። ሦስተኛ፣ በባንኩ በር ላይ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ቁጥሩን ስጠኝና ላስተካክልልህ» ለሚል ሰው ቁጥሩን አትስጡ። ውስጥ ያለው ሰው ማረም እንደማይችል አሁን ነግሬያችኋለሁ። ያ ሰው የሚፈልገው ቁጥሩን፣ የላኪውን ስምና የገንዘቡን መጠን ነው፤ እነዚህን የያዘ አታላይ ደግሞ በሐሰት መታወቂያ ሌላ ቦታ ሊሞክር ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ። ፊት ለፊት ለመጠየቅ የማትፈልጉ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እገኛለሁ፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። በመታወቂያው ላይ ያለውን ስም በላቲን በትልልቁ ፊደል በወረቀት ላይ ጽፈን፣ በየትኛው ሳጥን ምን እንደሚገባ ለይተን እንሰጣችኋለን። ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለልጆቻችሁ ላኩ። የሐዋላ ቁጥር ግን ይዛችሁ አትምጡ፤ እኔም ሆንኩ ኮሚቴው እሱን አንጠይቅም።